በባለ ቁልፍ ስልክ ብር መላክን በሁለት ደቂቃ ማስረዳት፦ የኮምቦልቻ አንድ የቪዲዮ ሥራ

ዳራ

ጉዳዩ የኮምቦልቻ ነው። አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባላቱ ስለ ሞባይል ገንዘብ የሚያስረዳ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ማሠራት ፈለገ። ከአባላቱ ብዙዎቹ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክና በከተማው ሌሎች ፋብሪካዎች የሚሠሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። ቤተሰቦቻቸው በቃሉ፣ በተሁለደሬና በወረባቦ ገጠር ይኖራሉ። ደመወዝ በወጣ ሰሞን ለእናት ለአባት የሚላከው ብር ወደ አገር ቤት በሚሄድ ዘመድ ወይም በሚያውቁት የመኪና ረዳት እጅ ነበር የሚሄደው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ስለ ሞባይል ገንዘብ ያልሰማ አባል የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ወኪል ዘንድ ሄደው ተመዝግበዋል፤ ደመወዛቸውም በከፊል እዚያው ይገባል። ሆኖም ብሩን ራሳቸው አይልኩትም። ወኪሉ ጋ ሄደው ስልካቸውን ይሰጡታል፣ የሚስጥር ቁጥራቸውንም ይነግሩታል፣ እሱ ይልክላቸዋል። ማኅበሩን ያሳሰበው ይህ ነው። የሚስጥር ቁጥር ለሌላ ሰው መንገር ገንዘቡን አሳልፎ እንደ መስጠት ነውና።

ቪዲዮው በሁለት መንገድ እንዲታይ ታስቧል፤ በማኅበሩ ማስተናገጃ ክፍል ባለው ቴሌቪዥን፣ እንዲሁም በቴሌግራምና በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ።

ችግሩ

ማኅበሩ መጀመሪያ ለአዘጋጆቹ የሰጠው የይዘት ዝርዝር ለሁለት ደቂቃ የሚሆን አልነበረም። የሞባይል ገንዘብ ምንነት፣ ምዝገባ፣ ብር ማስገባት፣ መላክ፣ ማውጣት፣ የአየር ሰዓት መሙላት፣ የመብራት ሂሳብ መክፈል፣ ብድርና ቁጠባ፣ በመጨረሻም ከአጭበርባሪ መጠንቀቅ ተደርድረውበታል። ይህን ሁሉ የያዘው የመጀመሪያ እስክሪፕት ድምፅ ተሰጥቶ ሲለካ ከአራት ደቂቃ በላይ ወሰደ። በፍጥነት በማንበብ ማሳጠር ይቻል ነበር፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው አንዱንም ሳይዝ ያልፈዋል።

ሌላው ችግር ስልኩ ነው። በዘርፉ የሚሠሩት አብዛኞቹ ቪዲዮዎች የስማርት ስልክ መተግበሪያ ያሳያሉ። የእነዚህ አባላት ስልክ ግን በአብዛኛው ባለ ቁልፍ ነው፤ አገልግሎቱን የሚያገኙትም በኮከብ ጀምሮ በመሰላል በሚያልቅ አጭር ቁጥር ነው። ቪዲዮው ባለ ቀለም መተግበሪያ ካሳየ ተመልካቿ የራሷን ስልክ አንሥታ የምታገኘው ሌላ ነገር ይሆናል።

አንድ ድርጊት መምረጥ

አዘጋጆቹ ከማኅበሩ ጋር ተቀምጠው አንድ ጥያቄ አስቀደሙ፦ ቪዲዮውን አይታ የወጣች ሴት በራሷ እጅ ምን ማድረግ ትችል? መልሱ ከራሱ ከችግሩ ወጣ፤ ለእናቷ ብር መላክ፣ ያውም የሚስጥር ቁጥሯን ለማንም ሳትነግር። ምዝገባው በአብዛኛው የሚከናወነው መታወቂያ ይዞ ወኪል ፊት በመሆኑ ወጣ። ብር ማስገባትም እንዲሁ። ክፍያና ብድር ለሌላ ቪዲዮ ተተዉ። የማጭበርበር ጉዳይ ግን ራሱን የቻለ ክፍል ከሚሆን የሚስጥር ቁጥር በሚገባበት ቅጽበት አንድ ዐረፍተ ነገር ሆኖ እንዲቀር ተደረገ። ማስጠንቀቂያ የሚያዘው ድርጊቱ በሚፈጸምበት ቦታ ላይ ሲነገር ነው።

120ው ሰከንድ እንዲህ ተከፈለ። የመጀመሪያዎቹ 12 ሰከንዶች እናትና ልጅ በስልክ ሲነጋገሩ ነው። ከዚያ እስከ 25ኛው ሰከንድ ምን መዘጋጀት እንዳለበት ይነገራል፤ የተመዘገበ ስልክ፣ በሂሳቡ ውስጥ ያለ ብርና የእናት ስልክ ቁጥር። እስከ 75ኛው ሰከንድ አጭር ቁጥሩን መምታት፣ ከሜኑው መምረጥ፣ ቁጥርና መጠን ማስገባት። እስከ 95ኛው የተቀባይን ስም ማየትና የሚስጥር ቁጥር ማስገባት። እስከ 108ኛው የማረጋገጫ መልእክቱን ማንበብ። የቀረው 12 ሰከንድ ችግር ሲያጋጥም ወዴት እንደሚደወል ነው።

ከሁሉም የረዘመው ክፍል የቁልፍ መጫኑ ነው፤ ከ120ው ሰከንድ 50ውን ይወስዳል። ማኅበሩ መግቢያውን የሚያስረዝም፣ የሥራ አመራሩ መልእክት የሚካተትበት አማራጭ አቅርቦ ነበር። ያ መልእክት በማስተናገጃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በወረቀት እንዲለጠፍ ተስማሙ።

እስክሪፕቱና የቃላት ልክ

አማርኛ በረጋ የማስረዳት ፍጥነት ሲነበብ በደቂቃ ወደ 100 ቃል ይሄዳል። የአማርኛ ቃል ባለቤቱንም ተሳቢውንም በአንድ ላይ ስለሚሸከም ከዚያ በላይ ሲፈጥን ለጆሮ ይከብዳል። ከ120 ሰከንድ ውስጥ 25ቱ ያለ ንግግር እንዲሆኑ ተወሰነ፤ ጣት ቁልፍ ሲጫን ተመልካች ማየት እንጂ መስማት አይችልም። ለንግግር የቀረው 95 ሰከንድ ስለሆነ የእስክሪፕቱ ጣሪያ 160 ቃል ሆነ።

እስክሪፕቱ የተጻፈው ሁለት ዓምድ ባለው ሠንጠረዥ ነው፤ በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚሰማው። ይህ አጻጻፍ አንድ ነገር ወዲያው ያጋልጣል። በቀኝ ብዙ ቃል ኖሮ በግራ ምንም የሚታይ ከሌለ ያ ዐረፍተ ነገር ንግግር ብቻ ነውና ይወጣል።

ትእዛዙ «እንመታለን፣ እንመርጣለን፣ እናረጋግጣለን» በሚል አነጋገር ተጻፈ። ተመልካቹ ወንድም ሴትም፣ ወጣትም ሽማግሌም ስለሚሆን አንቺም አንተም እርስዎም ማለት አንዱን ያስቀራል። የሜኑው ቁጥሮችም በድምፅ አልተነገሩም። አገልግሎት ሰጪዎች የሜኑውን ቅደም ተከተል ስለሚቀያይሩ «አንድን ይጫኑ» የተባለ ቪዲዮ በአንድ ማሻሻያ ውሸት ይሆናል። «ገንዘብ ላክ ከሚለው ፊት ያለውን ቁጥር እንመርጣለን» የሚለው ግን ቅደም ተከተሉ ቢቀየርም ይሠራል። የአገልግሎት ክፍያው መጠንም በዚሁ ምክንያት አልተጠቀሰም።

ረቂቁን በሰው እጅ መፈተን

ከቀረጻ በፊት ረቂቅ ተሠራ። በእርሳስ የተሣሉ ሥዕሎች በስልክ ፎቶ ተነሥተው በአርትዖት ፕሮግራም ተደረደሩ፤ ድምፁም በስልክ ተቀድቶ ከሥር ገባ። ወጪው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነው፤ ስህተቱን ለማረም ደግሞ አንድ ወረቀት እንደ ገና መሣል ይበቃል።

ይህ ረቂቅ ከፈረቃ ለወጡ ጥቂት ሴቶች ታየ። «ገባችሁ?» ተብለው አልተጠየቁም። እንዲህ ሲጠየቅ ይሉኝታ ይዞት «አዎ» የማይል የለም። በምትኩ እያንዳንዷ የራሷን ስልክ ይዛ 10 ብር ለማኅበሩ ሠራተኛ ስልክ እንድትልክ ተጠየቀች። አዘጋጆቹ አጠገባቸው ቆመው እጃቸውን ብቻ ይመለከቱ ነበር፤ መርዳት ክልክል ነው። ብሩ ኋላ ተመልሶላቸዋል።

ሁሉም የጠበቀው የሚስጥር ቁጥሩ ላይ ይቆማሉ የሚል ነበር። የቆሙት ግን ከዚያ ብዙ ቀድመው ነው።

አንደኛው መሰናክል ኮከቡ ነው። በብዙ ባለ ቁልፍ ስልክ የኮከብ ቁልፍ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ከተጫነ የመደመር ምልክት ይጽፋል። ተመልካቿ ጥሪውን ስታደርግ «ስህተት» የሚል ነገር ይመጣባታል፤ አጭር ቁጥሩ የተበላሸ ይመስላታል።

ሁለተኛውና ትልቁ የመልስ ቁልፍ ነው። ሜኑው ሲመጣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው፤ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ሴቶቹ ቁጥሩን ይጫናሉ፣ ምንም አይመጣም፣ እንደ ገና ይጫናሉ። በእነዚህ ስልኮች መጀመሪያ በግራ በኩል ከስክሪኑ ሥር ያለውን «መልስ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። የመጻፊያው ቦታ ከዚያ በኋላ ነው የሚከፈተው። ስማርት ስልክ የለመደ ሰው የመጻፊያው ሳጥን ወዲያው ስለሚታየው ይህ ደረጃ መኖሩን ይረሳዋል፤ እስክሪፕቱም ረስቶት ነበር።

ሦስተኛው የመጻፊያው ዓይነት ነው። አንዳንዱ ስልክ ሳጥኑን በፊደል ይከፍተዋል፤ 1 ሲጫን ነጥብ ይጽፋል። መሰላሉን አንድ ሁለቴ መጫን ወደ ቁጥር ይመልሰዋል።

በሦስቱም ላይ ጊዜው ይሄዳል፤ ግንኙነቱም በመዘግየት ይዘጋል። ሲዘጋ ብዙዎቹ ደነገጡ፣ ብራቸው የሄደ መሰላቸው። ከፈተናው በኋላ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በእስክሪፕቱ ገቡ። የሚስጥር ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት ከተቋረጠ ምንም ብር አልሄደም፤ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ከገባ በኋላ ከተቋረጠ ግን ደግሞ መላክ የለም፤ መጀመሪያ መልእክት መምጣቱና ቀሪ ሂሳቡ ይታያል። ይህ ካልተነገረ አንድ ብር ሁለት ጊዜ ሊላክ ይችላል።

ለእነዚህ ቦታ የተገኘው ስለ ሞባይል ገንዘብ ጥቅም የሚናገሩት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ወጥተው ነው። ተመልካቾቹ ጥቅሙን ያውቁታል፤ የጎደላቸው እጁ ነበር።

ቀረጻ

ባለ ቁልፍ ስልክ ስክሪኑን መቅዳት አይቻልም። በካሜራ ሲቀረጽ ደግሞ ትንሹ ስክሪን ይብለጨለጫል፣ በላዩም ደቃቅ መስመሮች ይታያሉ። በሰከንድ 25 ምስል፣ የካሜራው መዝጊያ በ1/50 ሰከንድ ተደርጎ ሲቀረጽ የክፍሉ አምፖል መብለጭለጭ ቆመ፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሁለቱ ይጣጣማሉ። የስልኩ ስክሪን ግን የራሱ ፍጥነት አለውና አልቆመም።

መፍትሔው ሁለቱን መለየት ሆነ። ስልኩ ስክሪኑ ጠፍቶ በመስኮት ብርሃን ተቀረጸ፤ ነጭ ነጠላ በተቃራኒው ተዘርግቶ ጥላውን አለሳለሰው። ካሜራው በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ታስሮ ፈጽሞ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ የሜኑው ጽሑፍ ልክ እንደ ስልኩ ተደርጎ በኮምፒውተር ተሠርቶ በጨለማው ስክሪን ላይ ተቀመጠ። ካሜራው ስላልተንቀሳቀሰ ማስተካከሉ ቀላል ነበር። ጣቱና ቁልፎቹ እውነተኛ ናቸው፣ ጽሑፉ ደግሞ ጥርት ብሎ ይነበባል።

የሚታዩት ቁጥሮች ላይ ጥንቃቄ ተደረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚማር ሰው ያየውን እንዳለ ይመታል። ሙሉ ስልክ ቁጥር ቢታይ ብሩ ወደዚያ ቁጥር ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አኃዞች ብቻ ታይተው የቀሩት በነጥብ ተሸፈኑ። ለሚስጥር ቁጥሩም 1234 አልተጻፈም፤ ቢጻፍ የብዙ ሰው የሚስጥር ቁጥር እሱ ይሆናል። በአጭር ቁጥር ሲገባ የሚስጥር ቁጥሩ በብዙ ስልኮች ሳይሸፈን ስለሚታይ ተዋናይዋ ስልኩን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ በመዳፏ ስትከልል ተቀረጸ። በድምፅ ያልተነገረ፣ በምስል ብቻ የተሰጠ ትምህርት ነው፤ ኋላ ሴቶቹ ሳይነገራቸው እንዲሁ ሲያደርጉ ታይቷል።

የተቀባይ ስም የሚመጣበት ስክሪን ለአራት ሰከንድ ያለ ንግግር ቆመ። በዚህ አገልግሎት የሚስጥር ቁጥሩ ከመጠየቁ በፊት የተቀባይ ስም ይታያል፤ አንድ አኃዝ የተሳሳተ እንደ ሆነ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ከገባ በኋላ ማስመለስ የተቀባዩን ፈቃድ ወይም የአገልግሎት ሰጪውን ደጅ መጥናት ይጠይቃል።

ድምፅ

ኮምቦልቻ የከባድ መኪና መንገድ ናት። ወደ ባቲና ሚሌ የሚወርደው የጭነት መኪና ጉምጉምታ ግድግዳ አልፎ ይገባል፤ በላዩ ባጃጁ አለ። ድምፁ የተቀዳው መሸት ሲል፣ ከአዛን በኋላ፣ ከአስፋልቱ ራቅ ባለ ቤት የውስጥ ክፍል ነው። ብርድ ልብስና ጋቢ ከአንባቢዋ ኋላና ጎን ተሰቀሉ፤ ማቀዝቀዣው ከሶኬቱ ተነቀለ። ማይኩ ከአፏ አንድ ስንዝር ራቀ። ከፍተኛው ድምፅ -12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም ተስተካከለ። በአርትዖት ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ሲቆረጥ የቀረው ጉምጉምታ ጠፋ፤ የሰው ድምፅ ግን አልተነካም።

አንባቢዋ የአካባቢው ሰው ናት። የወሎን ለዛ እንዳለ ይዛ ነበር ያነበበችው፤ የዜና አነባበብ አልተፈለገም።

ለማጀቢያ አንድ የከተማው ክራር ተጫዋች በባቲ ቅኝት አጭር ዜማ ተጫወተ፤ ለመጠቀምም በጽሑፍ ፈቀደ። ዜማው መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ነበር የተዘረጋው። በአርትዖት ክፍሉ ጥሩ ድምፅ ማጉያ ያማረ ይመስላል። በስልክ ስፒከር ሲሰማ ግን ክራሩና ንግግሩ አንድ ቦታ ላይ ተጋፉ። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ጥሎ መካከለኛውን ብቻ ስለሚያወጣ ሁለቱም እዚያ ይገናኛሉ። ስለዚህ ክራሩ በመግቢያውና በመዝጊያው ብቻ ቀረ። ደረጃዎቹ በሚታዩበት ክፍል ከንግግሩ ሌላ የሚሰማው የቁልፍ ድምፅ ነው።

ጽሑፍና ፋይል ማውጣት

የማስተናገጃ ክፍሉ ጫጫታ ስለሚበዛበት ቪዲዮው ያለ ድምፅም መነበብ ነበረበት። 1080 መስመር ባለው ምስል ላይ የጽሑፉ ቁመት 60 ፒክስል፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር የማይበልጥ ተደረገ። ስልክ ላይ ሲታይ አነሰ ወይ የሚለው የተፈተነው በኮምፒውተር ሳይሆን ስልኩን በክንድ ርቀት ይዞ ነው። ጽሑፉ ምስሉ ላይ ታትሟል፤ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ሲተላለፍ ለብቻው የተቀመጠ የጽሑፍ ፋይል ወደ ኋላ ይቀራል።

ዋናው ቅጂ ፕሮሬስ በሚባለው፣ ጥራቱን በሚጠብቅ ግን ብዙ ቦታ በሚይዝ የቪዲዮ ዓይነት ወጣ፤ ሁለት ደቂቃው ወደ 1.8 ጊጋባይት ይይዛል። ከእሱ ሦስት ፋይሎች ተሠሩ። ለቴሌቪዥኑ 1080 መስመር በሰከንድ 6 ሜጋቢት፣ ወደ 93 ሜጋባይት። ለቴሌግራም 720 መስመር፣ ወደ 20 ሜጋባይት። ለብሉቱዝና ለቆዩ ስልኮች 480 መስመር፣ ወደ 7 ሜጋባይት። የመጨረሻው የወጣበት ትእዛዝ ይህ ነው፦

```
ffmpeg -i master.mov -vf scale=-2:480 -c:v libx264 \
 -profile:v baseline -pix_fmt yuv420p -b:v 400k \
 -c:a aac -b:a 64k -ac 1 -movflags +faststart small.mp4
```

`yuv420p` የዋናውን ቅጂ ቀለም የቆዩ ስልኮችም `baseline`ም ወደሚቀበሉት ዓይነት ይለውጠዋል፤ ከሌለ ትእዛዙ ስህተት ሰጥቶ ይቆማል። `baseline` ደካማ ስልክ እንዲችለው ነው። `faststart` ፋይሉ ወርዶ ሳያልቅ መታየት እንዲጀምር ያደርገዋል። የድምፁ ከፍታ በሦስቱም ወደ -16 LUFS ተስተካክሏል፤ ከዚያ ዝቅ ሲል በስልክ ስፒከር መንገድ ላይ አይሰማም።

በማውጣት ጊዜ አንድ ችግር ተፈጠረ። ሥራው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲዛወር የግዕዙ ፊደል እዚያ ስላልተጫነ የሜኑው ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆነ። በትልቁ ጽሑፍ ላይ ወዲያው ይታያል፤ በትንሹ የስልክ ስክሪን ላይ ግን በቀላሉ ሊታለፍ ይችል ነበር። የወጣው ፋይል ከዳር እስከ ዳር ስለታየ ነው የተገኘው።

የሠራውና ያልሠራው

በመጨረሻው ፈተና ቪዲዮውን ያዩት አብዛኞቹ ሴቶች 10 ብሩን ያለ እርዳታ ላኩ፤ የመልስ ቁልፉ ላይ የቆመችም አልነበረችም። የቁልፍ መጫኑን ክፍል ሁለት ሦስቴ እየመለሱ ነበር ያዩት። በስልካቸው መመለስ ይችላሉ፣ በማስተናገጃ ክፍሉ ቴሌቪዥን ግን አይችሉም። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ለማስተዋወቅ እንጂ ለማስተማር አልጠቀመም። ማኅበሩ አሁን ትንሹን ፋይል በብሉቱዝ የሚሰጥ ሠራተኛ መድቧል።

ማንበብ የማይችሉትን ቪዲዮው አልረዳም። ሜኑው ራሱ ጽሑፍ ነውና ድምፅ ሊተካው አይችልም። ለእነሱ ማኅበሩ የያዘው ሌላ መንገድ ነው፤ ከቤተሰብ የሚያምኑት አንድ ሰው አብሯቸው እንዲማር፣ የሚስጥር ቁጥሩን ግን ራሳቸው በእጃቸው እንዲያስገቡ ማለማመድ። አኃዝ የሚለይ ሰው ይህን ያህል ይችላል።

ተቀባዮቹ እናቶችም አልተደረሱም። ብሩ ሲደርስ ምን ዓይነት መልእክት እንደሚመጣ፣ ከማን ስም እንደሚመጣ ለእነሱ ያስረዳ የለም። ከግለሰብ ስልክ የተላከ «ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክትና ከአገልግሎት ሰጪው የመጣው በስማቸው ካልተለዩ «በስህተት ልኬ ነው፣ ይመልሱልኝ» ለሚል ሰው በሩ ክፍት ነው። ይህ የሁለተኛው ቪዲዮ ርእስ ሆኖ ተይዟል።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው

የመጀመሪያው የቅደም ተከተል ነገር ነው። ረቂቁ የተፈተነው ከቀረጻ በፊት ባይሆን የመልስ ቁልፉ ጉዳይ የሚታወቀው ስልኩ፣ ተዋናይዋና የመስኮቱ ብርሃን ሁሉ ካለፉ በኋላ ነበር። ፈተናውም በጥያቄ ሳይሆን በድርጊት መሆን አለበት፤ ስልኩ የተመልካቹ የራሱ ይሁን፣ ብሩም እውነተኛ ይሁን። በአዘጋጅ ስልክ የተፈተነ ቪዲዮ የአዘጋጁን ስልክ ብቻ ያስረዳል።

ሁለተኛው የሚለወጠውንና የማይለወጠውን መለየት ነው። በዚህ ሥራ ጣቱና ስልኩ አንድ ፋይል፣ የሜኑው ጽሑፍ ሌላ፣ የታተመው ጽሑፍ ሦስተኛ፣ ድምፁ አራተኛ ሆነው ለየብቻ ተቀምጠዋል። ሜኑው ሲቀየር የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ምንም ጽሑፍ የሌለበት ቅጂም ወጥቶ ተቀምጧል፤ ከከሚሴ በኩል ለመጡ አባላት በኦሮምኛ ሲዘጋጅ ቀረጻው እንደ ገና አይደረግም። ለዚያ ቅጂ ግን የንግግሩ ርዝመት ከአማርኛው ጋር እኩል እንደማይሆን መታሰብ አለበት፤ በደረጃዎቹ መካከል የተተዉት 25 ሰከንዶች ማስተካከያ ሆነው የሚያገለግሉት እዚያ ነው።

አቃፊው ውስጥ ከፋይሎቹ ጋር አንድ ገጽ ተቀምጧል። የፊደሉ ስምና ፋይሉ፣ የክራር ተጫዋቹና የተዋናይዋ የጽሑፍ ፈቃድ፣ ሜኑው የተቀዳበት ቀን፣ በየሦስት ወሩ አጭር ቁጥሩን መትቶ ሜኑውን ከቪዲዮው ጋር የሚያመሳክረው የማኅበሩ ሠራተኛ የሥራ መደብ ተጽፎበታል።